ጊዜ የሌለው ነጋዴ የት ይለጥፍ?

መገናኛ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የልጆች ልብስ የምትሸጥ ወዳጅ አለችኝ። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ረዳት የላትም። ዕቃ የምታመጣውም፣ የምትደረድረውም፣ የምትሸጠውም፣ ሒሳብ የምትይዘውም እሷው ናት። የእህቷ ልጅ ለክረምት ዕረፍት መጥቶ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ከፈተላት። መስከረም ሲጠባ እሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ፤ አምስቱም በእሷ ጫንቃ ላይ ቀሩ።

«ወንድሜ፣ አንዱን ሱቅ ዘግቼ ስገባ ሌላ ሱቅ ይጠብቀኛል» አለችኝ አንድ ቀን። ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ስልኳ ላይ ናት። ፎቶ ትለጥፋለች፤ ቪዲዮ ትቆርጣለች፤ «ዋጋ ስንት ነው?» ለሚል ሁሉ ትመልሳለች። ጠዋት ሱቅ ስትከፍት ዓይኗ ቀልቷል። «የቱን ልተው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ሕዝብ የሚበዛበትን ያዢ» የሚል ነው። ለዚሁ ሥራ ብቻ ሰው ለቀጠረ ትልቅ ድርጅት ምክሩ ክፉ አይደለም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብቻ ያለውን ሰው ግን ያሳስተዋል። እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት፣ የለጠፈው ነገር ከእጁ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ነው። ማን ፊት ይቀርባል? የሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው ወይስ የማያውቁት? ስንት ቀንስ ይቆያል? በዚህ በኩል መድረኮቹ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ከቴሌግራም እንጀምር። የቴሌግራም ቻናል ውስጥ የሚገባ ሰው ፈልጎ የገባ ነው። የለጠፉት ነገር በጊዜ ቅደም ተከተል ይቀመጣል፤ ይህን ላሳይ ያንን ልደብቅ ብሎ በመሃል የሚመርጥ የለም። ከሦስት ወር በፊት የተለጠፈ ጃኬት ዛሬም ወደ ላይ ተስቦ ወይም በቻናሉ መፈለጊያ ተፈልጎ ይገኛል። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ሰው ራሱ ካልገባ ቻናሉን አያየውም። የማያውቅዎትን ሰው ቴሌግራም እየጎተተ አያመጣልዎትም። ስለዚህ ቻናል ለነባር ደንበኛ የተሠራ ቤት ነው፤ ሰውን ወደ ቤቱ የማስገባቱ ሥራ የባለሱቁ ነው።

ቲክቶክ በተቃራኒው ነው። ኩባንያው በ2020 ባወጣው ማብራሪያ፣ ቪዲዮ ለማን እንደሚቀርብ ሲወሰን የባለቤቱ የተከታይ ብዛት በቀጥታ እንደማይቆጠር፣ ተመልካቹ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ማየቱ ግን ትልቅ ክብደት እንዳለው ገልጿል። ትናንት የከፈተ ሰው ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ እንግዶች ፊት ሊቀርብ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን እንግዳው ጅማ ሊሆን ይችላል፤ ጅዳ ሊሆን ይችላል፤ የ12 ዓመት ልጅም ሊሆን ይችላል። የመገናኛ ሱቅ ደጃፍ የመድረስ አቅም ይኑረው አይኑረው ቲክቶክ አይጠይቅም። በዚያ ላይ ሰው እስከ መጨረሻው የሚያየው ቪዲዮ መሥራት ጊዜ ይበላል፤ ፎቶ አንስቶ ዋጋ እንደመጻፍ አይደለም።

ፌስቡክ በመሃል ያለ ነው። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ከንግድ ገጾች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ ጽሑፍ እንዲቀድም ማድረጉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የገጽ ባለቤት የለጠፈው ነገር ሳይከፍል ከተከታዮቹ ለጥቂቶቹ ብቻ እንደሚደርስ በሥራው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም ሰው የድርጅት ስም ሲሰማ «ፌስቡክ ላይ አላቸው?» ብሎ የመፈለግ ልማዱን አልተወም። ስለዚህ ገጹ የስልክ ቁጥርና የአድራሻ ሰሌዳ ሆኖ ያገለግላል፤ በየቀኑ ካልተለጠፈበት አገልግሎቱ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ከነገርኳት በኋላም ምርጫውን በግምት እንድታደርግ አልፈለግሁም። አንድ ደብተር ገዝተን ባንኮኒው ላይ አኖርን። ለሁለት ሳምንት፣ ለገዛ ሰው ሁሉ አንድ መስመር። አምዶቹ ሦስት ናቸው፤ ከየት መጣ፣ አዲስ ነው ወይስ ነባር፣ ስንት ብር ገዛ። ሁለቱ ሳምንታት ከበዓል ዋዜማና ከትምህርት ቤት መክፈቻ የራቁ መሆን ነበረባቸው፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉም ስለሚገዛ ደብተሩ ምንም አይለይም።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ችግር ገጠማት። «የኔ እህት፣ ከየት ሰምተሽ መጣሽ?» ስትል መልሱ «ከኢንተርኔት» ይሆናል። ከኢንተርኔት ማለት ከምንም ማለት ነው። በማግስቱ ጥያቄውን ቀየረችው፤ «የትኛውን ልብስ አይተሽ ነው? እስቲ አሳዪኝ» ትላለች። እናትየዋ ስልኳን አውጥታ ስታሳያት የትኛው መተግበሪያ እንደሆነ በዓይኗ ታየዋለች። ይህን የሚሞክር አንባቢ ይህቺን ነገር እንዳይዘላት አደራ እላለሁ፤ ሰው ያየበትን ቦታ ይረሳል፣ ስልኩ ግን አይረሳም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ 62 ሰው ገዛ። 27ቱ በሕንፃው ሲያልፉ አይተው የገቡ ናቸው። 19ኙ ነባር ደንበኞች ሲሆኑ ከእነሱ 14ቱ ቴሌግራም ላይ ያዩትን ልብስ አሳዩ። 9ኙ በጓደኛ ወይም በጎረቤት የተላኩ ናቸው። 5ቱ ከቲክቶክ፣ 2ቱ ከፌስቡክ መጡ። ከኢንስታግራምና ከዩቲዩብ አንድም አልመጣም። ኢንስታግራም ላይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ተከታይ ነበራት፤ ደብተሩን ስታይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ለዚህች ሱቅ ቴሌግራም የበለጠበት ምክንያት ያለው ልጆቹ ላይ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ልብሱ ይጠበዋል፤ እናቱ ተመልሳ ትመጣለች። ደንበኛው የሚደጋገም ንግድ አብዛኛው ሽያጩ ከሚያውቁት ሰዎች ነው፤ የሚያውቁትን ሰው ደግሞ በአንድ ቦታ ሰብስቦ አዲስ ዕቃ ሲገባ መንገር ይበቃል። ሶፋ ወይም የሙሽራ ልብስ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ደብተሩ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። የሙሽራ ልብስ የሚገዛ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ነው፤ ከገዛ በኋላ አይመለስም። እንዲህ ያለው ነጋዴ ዘወትር አዲስ ሰው ስለሚፈልግ ከነድካሙም ቢሆን ቲክቶክና ኢንስታግራም ይሻሉታል።

ቲክቶክን ግን እንድትዘጋው አልመከርኳትም። አምስቱም ገዢዎች አዲስ ነበሩ፤ ሁሉም የመጡት ከአንድ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ማዳበሪያው ተፈትቶ ልብሶቹ አንድ በአንድ ሲወጡ የሚያሳይ፣ ሙዚቃም ንግግርም የሌለው፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ነው። ሌሎቹ ሙዚቃ የተጨመረባቸው፣ ሰዓታት የፈጁ ቪዲዮዎች ማንንም አላመጡም። ስለዚህ የወሰነችው ይህ ነው፦ ዕቃ በገባ ቁጥር፣ ማለትም በወር ሁለት ጊዜ ገደማ፣ ማዳበሪያው ሲፈታ ስልኩን አቁማ ትቀርጻለች፤ ሳትቆርጥና ሳታሳምር ትለጥፋለች። በቲክቶክ ገጿ መግለጫ ላይ የሱቁ ስፍራና የቴሌግራም ቻናሉ ስም አለ። ፌስቡክ ላይ አንድ ጽሑፍ ከላይ ሰክታ አቆመች፤ «አዳዲስ ዕቃ የምናሳየው በቴሌግራም ቻናላችን ነው» የሚል፣ ስልክ ቁጥርና የሕንፃው ስም ያለበት። ኢንስታግራምም ላይ እንዲሁ አድርጋ ትታዋለች። ዩቲዩብን ዘጋችው። ማስታወቂያው አስፈላጊ ነው፤ የመጨረሻው ፎቶ ከዓመት በፊት የተለጠፈበትን ገጽ ያየ ሰው ሱቁ ተዘግቷል ብሎ ያስባል።

አምስቱን ወደ አንድ ተኩል ዝቅ ማድረጉ ብቻ ግን ምሽቷን አልመለሰላትም። ሰዓት ይዘን ስንቆጥር ለመለጠፍ የሚሄደው ጊዜ ትንሽ ነበር፤ ጊዜውን የሚበላው መልስ መስጠቱ ነው። የመልሱም መነሻ እሷው ናት። ከየፎቶው ሥር «ዋጋ በኢንቦክስ» ትል ነበር። ይህ ልማድ በእኛ ሀገር ነጋዴ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ ተፎካካሪ ዋጋዬን እንዳያይ፣ ሰውም ዋጋ አይቶ እንዳይሸሽ ተብሎ ነው። ተፎካካሪው ግን እንደ ደንበኛ ጽፎ መጠየቅ ይችላል። አቅሙ የማይፈቅድለት ሰውም ዋጋውን በኢንቦክስ ሲሰማ ያው ይሸሻል፤ የሚቀረው እሷ የጻፈችለት መልስ ነው። ለአንድ ልብስ 20 ሰው ቢጠይቅ 20 ጊዜ ያንኑ ቁጥር መጻፍ ማለት ነው።

አሁን በየፎቶው ሥር አራት ነገር ይጻፋል፦ ዋጋ፣ ያለው የዕድሜ መጠን፣ ስልክ ቁጥር፣ የሕንፃውና የሱቁ ቁጥር። ዕቃው ሲያልቅ ጽሑፉን አርማ «ተሽጧል» ትላለች። «አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ቀነሰ። አሁን የሚመጡት ጥያቄዎች «ለሦስት ዓመት ልጅ ትልቅ ቢሆንበት ትቀይሪልኛለሽ?» ዓይነት ናቸው፤ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ለመግዛት የቆረጠ ነውና መልስ ይገባዋል።

ሌላም ልማድ ተወች። ቀድሞ 30 ፎቶ አንድ በአንድ ትልክ ነበር። የተከታዮቿ ስልክ 30 ጊዜ ይጮኻል፤ የተሰላቸ ሰው ድምፁን ያጠፋል ወይም ይወጣል። ቴሌግራም እስከ 10 ፎቶ በአንድ አልበም አሰባስቦ ይልካል፤ ስልኩ የሚጮኸው አንድ ጊዜ ነው። የመላኪያውን ምልክት ትንሽ ተጭኖ ሲይዙት ደግሞ `Schedule Message` የሚል ምርጫ ይመጣል፤ ቀንና ሰዓት ሰጥተው የሚያስቀምጡበት ነው። እሑድ ከሰዓት ሱቁ ዝግ ሳለ የሳምንቱን ሁለት አልበም አዘጋጅታ ለማክሰኞና ለዓርብ ትቀጥረዋለች። ሥራው አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ሰውን ወደ ቻናሉ የማስገባቱ ሥራ የሚሠራው ባንኮኒው ላይ ነው። የቻናሉን ኪዩአር ኮድ ፎቶ ቤት አሳትማ መስታወቱ ላይ ለጥፋለች፤ በየፌስታሉም ትንሽ ካርድ ትከታለች። በዚህ መንገድ የሚገባ ሰው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ሱቋ ገብቶ የገዛ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ላሳይ። «5,000 ሜምበር በዚህ ዋጋ» እያሉ አባል የሚሸጡ አሉ። የሚጨመሩት ባዶ አካውንቶች፣ አልያም ሳይፈልጉ የተጨመሩ ሰዎች ናቸው። የማንም ቻናል እንዲህ መሞላቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ቴሌግራም በየጽሑፉ ሥር ከዓይን ምልክት ጋር ስንት ሰው እንዳየው ይጽፋል። 6,000 አባል ያለው ቻናል ጽሑፉ ከሁለት ቀን በኋላም በ90 ሰው ብቻ ታይቶ ከሆነ አባላቱ ሰዎች አይደሉም። የወዳጄ ቻናል አባላት አንድ ሺህ አይሞሉም፤ አልበሙን ግን ግማሽ ያህሉ ያዩታል። ይህ ቁጥር ወር በወር ሲወርድ ካየች ሰው ድምፁን እያጠፋባት ነው ማለት ነው፤ ያኔ የምትልከውን ትቀንሳለች።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሱቅ ነው። አማካሪ ሌላ ነው። የሒሳብ ባለሙያን ወይም የሕግ አማካሪን ሰው ቪዲዮ አይቶ አይቀጥርም፤ አንድ የሚያምነው ሰው ስሙን ይነግረዋል፣ ከዚያ ያንን ስም ጎግል ላይ ይጽፈዋል። ወሳኙ ያኔ የሚወጣው ነገር ነው። ስለዚህ የአማካሪ የመጀመሪያ ሥራ አንድ ቅዳሜ መድቦ ሊንክድኢን ላይ ስሙን፣ የሚሠራውን ሥራ በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር፣ የሠራባቸውን ዓመታትና ስልኩን በደንብ መጻፍ ነው። ይህ ከተጻፈ በኋላ በየቀኑ ሳይነካ ይሠራል። «የፋይናንስ ዘርፍ ባለሙያ» ከማለት «ለአስመጪዎች ወርሃዊ የቫት ሒሳብ እሠራለሁ» ማለት ይሻላል፤ ፈላጊው በሚፈልገው ቃል ያገኘዋል።

የሒሳብ አማካሪ መለጠፍ ካለበትም ወቅት አለው። ሰኔና ሐምሌ ነጋዴው ሁሉ ስለ ግብር የሚጨነቅበት ጊዜ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ በአጭሩ የሚያስረዳ አንድ የቴሌግራም ጽሑፍ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ይተላለፋል፤ ከቻናል የተላለፈ ጽሑፍም የመጣበትን ቻናል ስም ይዞ ነው የሚሄደው። በቀረው ጊዜ ዝም ቢል ጉዳት የለውም።

በግሉ የሚሠራ የግራፊክስ ባለሙያ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ወይም ተርጓሚም ራሱን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የሚከፍለኝ ሰው ሥራዬን የት ገብቶ ያየዋል? የሰርግ ፎቶ የሚያስነሱ ጥንዶች ኢንስታግራም ላይ ምስል ያማርጣሉ፤ ስለዚህ ፎቶ አንሺው የመረጣቸውን ጥቂት ምርጥ ሥራዎች እዚያ ያኑር። ማብራሪያ ውስጥ የተጻፈ ሊንክ ኢንስታግራም ላይ ሲነኩት እንደማይከፍት ግን ይወቅ፤ ስልኩና ሊንኩ መቀመጥ ያለባቸው የገጹ መግለጫ ላይ ነው። ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ተርጓሚ ደግሞ ቀጣሪው ሊንክድኢን ላይ ነው፤ ቲክቶክ ላይ የሚያጠፋው ሰዓት ለእሱ እንጀራ አይሆንም።

ቦታ ሲለወጥም መልሱ ይለወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ወገናችን ደንበኛው መኪና ውስጥ ሆኖ ስልኩ ላይ በአቅራቢያው ያለ የኢትዮጵያ ሱቅ ይፈልጋል። ለእሱ ከሁሉ የሚቀድመው ጎግል ካርታ ላይ ሱቁን በስሙ ማስመዝገብ፣ የሚከፍትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት ትክክል አድርጎ መጻፍ፣ የመደርደሪያውን ጥቂት ፎቶዎች ማስገባትና ደንበኞቹ አስተያየት እንዲጽፉለት መጠየቅ ነው። አንድ ጊዜ ይሠራል፤ በበዓል ቀን ሰዓቱን መቀየር እንዳይረሳ እንጂ ሌላ ብዙ ሥራ የለውም።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እሱም ከሁሉም መድረክ ውጭ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው ነበር። በቪፒኤን የሚገባ ገባ፤ የማያውቅበት ወይም ስልኩ የማይችልለት ደንበኛ ግን ለአምስት ወር ያህል ከነጋዴው ተቆረጠ። የደንበኞቻቸውን ስልክ ቁጥር የያዙ ነጋዴዎች መልእክት ልከው፣ ደውለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሁሉን ነገር ቻናሉ ላይ ያኖሩት መጠበቅ ነበረባቸው።

ወዳጄ ደብተሩን ያልጣለችው ለዚህ ነው። አንደኛው ገጽ ላይ አሁን የእናቶች ስልክ ቁጥርና የልጆቻቸው ዕድሜ ተጽፏል፤ ፈቅደው የሰጧት ናቸው። ቁጥሩ 200 አልፏል። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው የአራት ዓመት ልብስ መግባቱን የምታውቀው እናት አለች፤ ቴሌግራም ኖረም አልኖረም። እርስዎም ምን ልተው ብለው ከተጨነቁ ምንም ከመዝጋትዎ በፊት ደብተር ይግዙ፤ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ገዢዎን ሁሉ ይመዝግቡ።